ቤቱን ሳይውጥ የሚተኛ የጠዋት ጉም

ጥያቄ፦ «እንጦጦ ሥር፣ ተዳፋት ላይ ለሚሠራ ጂ ፕላስ ዋን መኖሪያ ቤት በብሌንደር የውጭ ገጽታ ምስል እየሠራሁ ነው። ደንበኛው የጠዋት ጉም ይኑረው ብለዋል። World ላይ Volume Scatter አስገብቼ Color ነጭ፣ Density 0.05 ሳደርግ ቤቱ ይጠፋል፣ ፀሐይዋም ትሞታለች። ቁጥሩን ስቀንስ ደግሞ ጉሙ ራሱ አይታይም። ካሜራዬ ከታች መንገዱ ላይ ሆኖ ወደ ላይ ያያል፤ ከቤቱ 60 ሜትር ያህል ይርቃል። ግድግዳው ነጭ፣ ጣሪያው ጥቁር ግራጫ ቆርቆሮ ነው። ትክክለኛው Density ስንት ነው?»

መልስ፦ ትክክለኛ Density የሚባል ቁጥር የለም፤ ሌላ ቁጥር ቢሰጥዎትም ችግሩ አይፈታም። ቤቱን የሚያጠፋው የጉሙ ውፍረት ብቻ ሳይሆን ውፍረቱ በርቀት ተባዝቶ የሚሰጠው ውጤት ነው። ከአንድ ነገር ተነስቶ ካሜራው ጋ የሚደርሰው ብርሃን በዚህ ቀመር ይሰላል፤ d በሜትር ያለው ርቀት ነው።

```
T = e^(-Density × d)
```

የእርስዎን ቁጥሮች እናስገባ። 0.05 በ60 ሜትር ሲባዛ 3 ይሆናል፤ ከግድግዳው ከተነሳው ብርሃን ካሜራው የሚያገኘው 5 በመቶውን ብቻ ነው ማለት ነው፤ ቀሪው በጉሙ ነጭነት ተተክቷል። 3.9ን ለ Density ሲያካፍሉ ደግሞ የእይታ ርቀቱን በሜትር ያገኛሉ፤ ለ0.05 የሚወጣው 78 ሜትር ገደማ ነው። በአየር ጠባይ ሙያ እይታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ከወረደ ጀምሮ ጉም ስለሚባል፣ እርስዎ ያዘዙት አሽከርካሪ መብራት አብርቶ የሚያዘግምበትን ዓይነት ነው። ዐይን 0.05ን ትንሽ ቁጥር አድርጎ ስለሚያየው ስሕተቱ የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ስሌት የሚሠራው በፋይልዎ ውስጥ አንድ አሃድ አንድ ሜትር ሲሆን ነው። ሞዴሉ ከሌላ ሶፍትዌር በሴንቲ ሜትር ከመጣ ርቀቱ ሁሉ በመቶ እጥፍ ስለሚቆጠር የትኛውም ቁጥር እንደ ግድግዳ ይዘጋብዎታል። አንድ በር ይምረጡና ቁመቱን በ Dimensions ይመልከቱ፤ 2.1 ሜትር አካባቢ ካልሆነ መጀመሪያ ልኬቱን ያስተካክሉ።

ቁጥሩን ሲቀንሱ ጉሙ ለምን ጠፋ? ይህኛው ይበልጥ ጠቃሚ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ Density 0.002 ቢሆን በ60 ሜትር ያለው ቤት 89 በመቶ ብርሃኑን ይዞ ይቆያል፤ በ250 ሜትር ያለ ዛፍ 61 በመቶ፣ በ900 ሜትር ያለ የተራራ ጫፍ ግን 17 በመቶ ብቻ ይቀረዋል። ጉም ጉም መስሎ የሚታየን በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ባለው ልዩነት ነው። ካሜራዎ ግን ከታች ወደ ላይ ስለሚያይ ከኋላ ያለውን ተዳፋት ጣሪያው ጋርዶታል፤ በፍሬሙ ውስጥ ያለው ቤትና ሰማይ ብቻ ነው። የሚደበዝዝ ሩቅ ነገር በሌለበት ቀጭን ጉም የሚያርፍበት የለውም። ስለዚህ ምስልዎ የጎደለው ጉም ሳይሆን ጥልቀት ነው።

ፀሐይዋ የሞተችበት ምክንያት ከዚህ የተለየ ነው። በ World ላይ የሚቀመጥ Volume ዳርቻ የለውም። የ Sun መብራትም ሆነ የሰማዩ ብርሃን ከማይለካ ርቀት እንደሚመጣ ተደርጎ ስለሚሰላ፣ በማያልቅ ጉም ውስጥ አልፎ መሬት ሊደርስ አይችልም። በሳይክልስ ይህ ብልሽት አይደለም፤ ቀመሩ የሚለው ራሱ ይህንን ነው። ዘዴው ለሌሊት ትዕይንት ወይም ለተዘጋ ክፍል ይሆናል፤ በቀን ለሚታይ ግቢ አይሆንም። ከ World ላይ ያንሱት።

አሁን ጉሙ በእውነት የት እንደሚተኛ እንይ፤ ምክንያቱም የምስሉ አብዛኛው መፍትሔ ያለው እዚያ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ ሰማዩ በጠራ ሌሊት መሬት ሙቀቷን ትለቃለች፤ በላይዋ ያለው አየርም ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፣ እዚያም ተጠራቅሞ እርጥበቱ ወደ ጉም ይለወጣል። ስለዚህ የጥቅምት ጠዋት ጉም የሚተኛው ከቤቱ በታች በሸለቆውና በመንገዱ ላይ ነው፤ ቤቱ ራሱ ከጉሙ በላይ ይቀራል። በክረምት ተራራውን የሚሸፍነው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርጥብ አየር ተዳፋቱን ሲወጣ የሚፈጠር፣ ከደመና የማይለይ ጉም ነው፤ ያኔ ቤቱም ዛፉም አብረው ውስጡ ናቸው። ደንበኛዎ የፈለጉት ስሜት የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ እርስዎ የሠሩት ሁለተኛውን ነው።

ካሜራዎ መንገዱ ላይ መሆኑ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ይጎዳዎታል። ከኋላ ያለውን ጥልቀት ይደብቃል፤ ካሜራውንም ጉሙ በሚጠራቀምበት ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በዚህም ከሌንሱ እስከ ግድግዳው ያለው መንገድ በሙሉ በጉም ይሞላል። ካሜራውን ከቤቱ ወለል 2 ወይም 3 ሜትር ከፍ ብሎ እንዲቆም ያድርጉ፤ በድሮን የተነሳ ወይም ከሸለቆው ማዶ ካለ ትከሻ ላይ ሆኖ የታየ ያህል ይሆናል። ርቀቱ 60 ሜትር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ከፍታ የካሜራው እይታ ከተኛው ጉም በላይ አልፎ ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ ከጣሪያው ጀርባም የባሕር ዛፉ ተዳፋትና የተራራው ጫፍ ብቅ ይላሉ። ደንበኛው «ከመንገዱ የሚታየውን ነው የምፈልገው» ካሉ፣ ያንን እይታ ያለ ጉም ሠርተው ያስረክቡ፤ ሁለቱ ፍላጎቶች በአንድ ፍሬም አይገናኙም።

የፀሐይዋን አቅጣጫም ከዚሁ ጋር ይወስኑ። አዲስ አበባ ላይ በጥቅምት መጀመሪያ ፀሐይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ትወጣለች፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከአድማስ 14 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ቤትዎ ፊቱን ወደ ከተማው፣ ማለትም ወደ ደቡብ የሰጠ ከሆነና ካሜራው ከደቡብ ወደ ሰሜን ካየ፣ ብርሃኑ ከቀኝ በኩል ይመጣል። ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የመስኮቱን ጥልቀትና የጣሪያውን ክፈፍ በጥላ ይጽፋል፤ የቤቱ ቅርጽ የሚነበበውም በእነዚህ ጥላዎች ነው። ካሜራው ፀሐይዋን ፊት ለፊት ቢያይ ጉሙ እጅግ ያማረ ብርሃን ይይዛል፤ ነገር ግን የምናየው ግድግዳ ጥላ ውስጥ ገብቶ ከነጭ ጉም ጋር ስለሚፎካከር ይሸነፋል።

የምመክረው ጉሙን ለሁለት መክፈልን ነው፤ የሩቁን በ Mist ፓስ፣ የሸለቆውን በ Volume። አንዱን ዘዴ ለሁለቱም መጠቀም ነው ብዙዎችን የሚያደክመው። ሩቁንም በ Volume ልሥራ ካሉ፣ ከካሜራው እስከ ተራራው ጫፍ የሚደርስ ግዙፍ ሳጥን ያስፈልግዎታል። ሳጥኑ ከቤቱ በላይ 100 ሜትር ከፍታ ቢኖረው፣ በ14 ዲግሪ የምትመጣው ፀሐይ ግድግዳው ጋ ለመድረስ 410 ሜትር ያህል ጉም ማቋረጥ አለባት። Density 0.0015 እንኳ ቢሆን ከቀጥተኛው ብርሃን የሚተርፈው 54 በመቶ ነው፤ ጥላዎቹ ይሞታሉ። የ Mist ፓስ ግን የርቀት መረጃ ብቻ ስለሆነ ብርሃኑን አይነካም።

የሩቁን ለመሥራት በ View Layer Properties ውስጥ Passes ሥር Mistን ያብሩ። ከዚያ በኋላ World Properties ውስጥ Mist Pass የሚል ክፍል ይከፈታል። Startን 20፣ Depthን 900፣ Falloffን Linear ያድርጉ። በኮምፖዚተሩ የ Mistን ዋጋ በ Math ኖድ በ0.75 ያባዙና የምስሉና የጉሙ ቀለም መቀላቀያ Factor አድርገው ያገናኙት። ውጤቱን በእጅ ማስላት ይቻላል፤ በ60 ሜትር ያለው ቤት የሚያገኘው ጉም 3 በመቶ ነው፣ በ250 ሜትር ያለው ባሕር ዛፍ 19 በመቶ፣ በ900 ሜትር ያለው ጫፍ 73 በመቶ። እውነተኛ ጉም በቀጥታ መስመር ባይጨምርም በዚህ ርቀት ልዩነቱን ዐይን አይይዘውም። Startን ከቤቱ ጀርባ፣ ለምሳሌ 75 ላይ በማድረግ ቤቱን ከጉም ፈጽሞ ነጻ ማድረግ ያጓጓል፤ አታድርጉት እላለሁ። 3 በመቶዋ ቤቱን ከአካባቢው አየር ጋር የምታስተሳስር ናት፤ ስትጠፋ ቤቱ ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ቤቱን በማስክ ለይቶ ከጉሙ ማውጣትም ያው ነው፤ የጣሪያው ጠርዝ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።

ለሰማዩ ይጠንቀቁ። Mist ሰማዩን በጣም ሩቅ ነገር አድርጎ ስለሚቆጥረው ሙሉውን 0.75 ያለብሰዋል። የጉሙን ቀለም ንጹሕ ነጭ ካደረጉ የጠዋቱ ሰማይ ሁሉ ኖራ ይሆናል። ቀለሙን በመምረጫው ከአድማሱ ትንሽ ከፍ ካለው ሰማይ ላይ ይውሰዱና ጥቂት ያጨልሙት፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ይወጣል። ያም ካልበቃ ሰማዩን በአልፋ ለይተው ከድብልቁ ያስወጡት።

የሸለቆው ጉም በሌላ መንገድ ይሠራል። የቤቱን የመሬት ወለል ዜሮ አድርገን እንነሳ፤ ሸለቆው 18 ሜትር ይወርዳል እንበል። ሸለቆውን የሚሸፍን ሳጥን ይሥሩ፤ ክዳኑ ከወለሉ 1 ሜትር ዝቅ ይበል፣ ታችኛው ፊቱ ከመሬቱ በታች ይግባ። ካሜራውም ቤቱም ከሳጥኑ ውጪ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ሳጥኑ ቤቱን ካቋረጠ ጉሙ ሳሎን ውስጥም ስለሚገባ መስኮቶቹ የታመመ ዐይን ይመስላሉ፤ ብዙ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ መስታወቱን ሲቀያይር ይውላል። ለሳጥኑ የሚሰጡት ማቴሪያል እንዲህ ነው፦

```
Geometry (Position) → Separate XYZ (Z) → Map Range
   From Min -6    From Max -2
   To Min 0.06    To Max 0
Geometry (Position) → Noise Texture (Scale 0.05)
Map Range × Noise Texture → Volume Scatter (Density)
```

ትርጉሙ፣ ጉሙ ከወለሉ 6 ሜትር በታች ሙሉ ውፍረቱን ይይዛል፣ ወደ ላይ እየሳሳ ሄዶ 2 ሜትር ሲቀረው ያልቃል። Noise Texture በአማካይ ግማሽ ያህል ዋጋ ስለሚሰጥ የ0.06 እውነተኛ ውጤት 0.03 አካባቢ ነው፤ እይታው 30 ሜትር ያህል በውስጡ ሲያልፍ ከሥር ካለው መሬት 40 በመቶው ገደማ ይታያል። Scale 0.05 በሜትር ሲታሰብ 20 ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው እብጠቶችን ይሰጣል። ይህ መጠን ከቤቱ ርዝመት ጋር ስለሚቀራረብ የቦታውን ስፋት በትክክል ያሳያል። ቁጥሩን አሳድገው እብጠቶቹን ቢያሳንሱ ጉሙ የጎረቤት ምድጃ ጭስ ይሆናል።

ጭስ የመምሰል ሌላም ምክንያት አለው። በሳይክልስ Light Paths ውስጥ Max Bounces ሥር ያለው Volume ሲጀመር 0 ነው፤ ብርሃን ጉሙ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተበትኖ ያቆማል ማለት ነው። እውነተኛ ጉም ነጭ የሚሆነው ብርሃኑ ከጠብታ ወደ ጠብታ ደጋግሞ ስለሚነጥር ነው። 4 ያድርጉት፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ግራጫው ይለቃል። ከዚህ የበለጠ መጨመሩ በዚህ ስስ ጉም ላይ ዋጋውን አያወጣም። ብርሃኑ ወደየት አቅጣጫ አድልቶ እንደሚበተን የሚወስነውን Anisotropyን በተመለከተ በየማስተማሪያ ቪዲዮው የሚሰጠው 0.7 ፀሐይዋ ከፊት ለፊት ላለችበት ምስል የታሰበ ነው። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ 0.7 ወደ ካሜራው የሚበተነውን ብርሃን በ0 ከሚገኘው ወደ ሩብ ገደማ ያወርደዋል፤ 0.3 ግን 80 በመቶውን ያቆየዋል። ለእርስዎ 0.3 ይሁን።

ስለ ቤቱ ቀለም ያነሡት ነጥብ በጥያቄዎ ውስጥ እንደ ተጨማሪ መረጃ ቢገባም እኔ ከዋናዎቹ አንዱ አድርጌ አየዋለሁ። ጉም የነገሮችን ጥቁር ክፍል ወደ ራሱ ነጭነት ይስባል፤ ስለዚህ ነጭ ግድግዳ ከጀርባው ነጭ ጉም ካለ ጠርዙ ይጠፋል፤ ጥቁር ጣሪያ ግን በዚያው ጉም ላይ ይበልጥ ይጎላል። ተፈጥሮ እዚህ ከእርስዎ ጋር ናት፤ ጣሪያው ከሩቁ የደበዘዘ ጫፍ ጋር ይገናኝ፣ ከግድግዳው ጀርባ ግን ጥቁር አረንጓዴ ነገር ይቁም። ከቤቱ ኋላ ከ10 እስከ 20 ሜትር ባለው ርቀት ጥቂት ባሕር ዛፎች ወይም ጽዶች ይትከሉ፤ በ80 ሜትር ርቀት ላይ የሚያገኙት ጉም 5 በመቶ ስለሆነ ጥቁርነታቸው አይነካም። ቁመታቸው ከጣሪያው ክፈፍ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ ካለፈ ጥቁር ጣሪያ ከጥቁር ቅጠል ጋር ይቀላቀልና ያተረፉትን መልሰው ያጣሉ። ለግንባታ ፈቃድ ወይም ለአትክልት ባለሙያ የሚቀርብ ምስል ከሆነ ግን በቦታው የሌለ ዛፍ አይጨምሩ።

አንድ ነገር ጉሙ እንዲሸፍነው ፈጽሞ አይፍቀዱ፤ ቤቱ ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን መስመር። ተዳፋት ላይ የሚሠራ ቤት ትልቁ ወጪና ትልቁ ክርክር ያለው በደጋፊ ግንቡና በውኃ መውረጃው ላይ ነው። እኔ በአንድ ወቅት ግንቡን በጉም ሸፍኜ ያስረከብኩት ምስል ነበረ። ደንበኛው ቤቱ ሜዳ ላይ ያረፈ መስሏቸው ኖሮ፣ የግንቡን ዋጋ በዝርዝሩ ሲያዩ ምስሉን አምጥተው «ይህ የታለ?» አሉኝ፤ መልስ አልነበረኝም። የጉሙ ክዳን ከወለሉ 2 ሜትር ዝቅ እንዲል ያደረግሁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የእርስዎ ደጋፊ ግንብ ከ2 ሜትር በላይ የሚወርድ ከሆነ ክዳኑን ከግንቡ ግርጌ በታች ያውርዱት፤ ከ Map Range ውስጥ ሁለቱን From ቁጥሮች በእኩል መቀነስ ብቻ ነው።

ሲጨርሱ ጉሙ የሌለበትን ምስልም በዚያው ካሜራ አውጥተው ያስቀምጡ፤ ሳጥኑን ከሬንደር ማጥፋትና የ Factorን ማባዣ 0 ማድረግ ይበቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይሩና ስፋታቸውን ወደ 200 ፒክስል ያሳንሱ፤ ደንበኛው መጀመሪያ የሚያዩት በቴሌግራም፣ በስልክ ላይ ነውና። በዚያ መጠን የጣሪያውን መስመር፣ የመስኮቶቹን ጨለማና የግንቡን ግርጌ ለይተው ማየት አለብዎት። የጣሪያው መስመር ከጠፋ 0.75ን ወደ 0.6 ያውርዱ። መስኮቶቹ ከነጡ ጉም በካሜራውና በቤቱ መካከል ገብቷል ማለት ስለሆነ የሳጥኑን ክዳን ይፈትሹ። ሁሉም እያለ የእጅ መደገፊያውና ቀጭን ብረቱ እንደ ሰም ከቀለጠ ጥፋቱ የጉሙ አይደለም፤ ዲኖይዘሩ ነው። ያኔ የናሙናውን ብዛት ይጨምሩ፤ ያ ካልተቻለ ቤቱን ሳጥኑ ከጠፋበት ሬንደር ላይ ይውሰዱት፤ ጉሙ ከወለሉ በታች ስለሆነ ሁለቱ ያለ ስፌት ይገጥማሉ።